የዋይፋይ ፓስወርድ ካፒታልና ስሞል ለምን ይለያል? ተመሳሳይ ፊደላትስ ለምን እንዳንገናኝ ያደርጋሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፓስወርዱን በትክክል ነው ያስገባሁት፤ አንዱ ፊደል ብቻ ካፒታል ሆኗል። ለዚህች ብሎ ለምን እንቢ ይለኛል?

ለራውተሩ ትልቁ `A` እና ትንሹ `a` ምንም ዝምድና የላቸውም። እኛ ያደግንበት ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር ስለሌለው ልዩነቱ የአጻጻፍ ወግ ብቻ ይመስለናል። ኮምፒውተር ግን ፊደልን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው፤ ለእያንዳንዱ መልክም የተለየ ቁጥር አለው። ትልቁ `A` 65 ነው፣ ትንሹ `a` ደግሞ 97። ትልቁ `O` 79፣ ትንሹ `o` 111፣ ዜሮ ደግሞ 48 ነው። ለዓይን ሦስቱም ክብ ናቸው፤ ለመሣሪያው ግን እንደ `K` እና `7` የተራራቁ ናቸው።

በአብዛኛው ቤትና ካፌ የሚሠራበት WPA2 የተባለው የደህንነት ሥርዓት ከ8 እስከ 63 ምልክት ያለው ፓስወርድ ይቀበላል። እያንዳንዱ ምልክት ቁጥሩ ከ32 እስከ 126 ባለው ክልል ውስጥ መሆን አለበት። 32 ባዶ ቦታ ነው፤ ስለዚህ ስፔስም እንደ አንድ ፊደል ይቆጠራል። ካፒታሉን ወደ ስሞል መልሶ የሚያስተያይ ደረጃ በሥርዓቱ ውስጥ የለም። አንድ የራውተር አምራች ለደንበኛ አዝኖ ልጨምረው ቢል እንኳ አይሆንለትም፤ ስልኩና ራውተሩ ያንኑ ስሌት ለየብቻቸው ስለሚሠሩ፣ አንዱ ወገን ብቻ ሲለውጥ ከሌላው ጋር መግባባት ይቀራል።

ታዲያ «አንድ ፊደል ተሳስተዋል» ብሎ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

ራውተሩ ራሱ አያውቅም። ብዙ ሰው ፓስወርዱ በአየር ተልኮ ራውተሩ ጋር ካለው ጋር የሚመሳከር ይመስለዋል። እውነቱ ግን ፓስወርዱ ከስልክዎ ጨርሶ አይወጣም። ስልኩ የተጻፈለትን ፓስወርድና የኔትወርኩን ስም ወስዶ አንድ ረጅም ቁልፍ ያሰላል። ራውተሩም እሱ ዘንድ ባለው ፓስወርድ ያንኑ ስሌት ይሠራል። ስሌቱ ይህ ነው፦

```
PSK = PBKDF2(HMAC-SHA1, passphrase, SSID, 4096, 256)
```

ወደ ወሬ ስንመልሰው፦ ፓስወርዱና የኔትወርኩ ስም 4096 ጊዜ እየተደጋገመ በሚፈጭ ስሌት ውስጥ ያልፉና 256 ቢት ርዝመት ያለው ቁልፍ ይወጣል። ስሌቱ የተነደፈው በግብዓቱ ላይ ትንሽ ለውጥ ሲኖር ውጤቱ ጨርሶ እንዲቀየር ነው። ሊነክስ ያለው ሰው በዓይኑ ሊያየው ይችላል፦

```
wpa_passphrase IEEE password
```

ይህ በዋይፋይ መስፈርቱ ውስጥ ለሙከራ ከተቀመጡት ምሳሌዎች አንዱ ሲሆን የሚወጣው ቁልፍ የሚከተለው ነው፦

```
f42c6fc52df0ebef9ebb4b90b38a5f902e83fe1b135a70e23aed762e9710a12e
```

አሁን `password` የሚለውን `Password` ብለው ትእዛዙን ይድገሙት። የሚወጣው ከዚህኛው ጋር የሚያዛምደው ነገር የሌለው ሌላ ቁልፍ ነው። አንድ ፊደል የሳተም፣ ሁሉንም የሳተም እኩል ነው የሚርቁት።

ቁልፎቹ ከተሰሉ በኋላ ራውተሩ አንድ የዘፈቀደ ቁጥር ለስልኩ ይልካል። ስልኩም የራሱን የዘፈቀደ ቁጥር ይመልሳል፤ ከቁጥሩ ጋር በቁልፉ ያሰላውን ማኅተም አያይዞ ይልካል። ራውተሩ ማኅተሙን በራሱ ቁልፍ ሠርቶ ያመሳክራል። ካልገጠመ መልእክቱን ዝም ብሎ ይጥለዋል። ስልኩ ትንሽ ይጠብቃል፣ እንደገና ይሞከራል፣ በመጨረሻ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ፓስወርድ ሲሳሳቱ መልሱ ወዲያው የማይመጣው፣ ሰከንዶች ፈጅቶ «Couldn't connect» የሚለውም በዚህ ምክንያት ነው። ራውተሩ በእጁ ያለው የማይገጥም ማኅተም ብቻ ስለሆነ የት ላይ እንደተሳሳቱ ሊነግርዎ የሚችልበት መንገድ የለውም።

የኔትወርኩ ስምም ካፒታልና ስሞል ይለያል?

አዎ። `Selam_Cafe` እና `selam_cafe` ሁለት የተለያዩ ኔትወርኮች ናቸው። ስሙን ከዝርዝር ውስጥ ነክተው ሲመርጡ ይህ አያስቸግርም። ስሙ እንዳይታይ የተደረገ ኔትወርክ ላይ ግን ስሙን በእጅ መጻፍ ስለሚኖርብዎ፣ ፓስወርዱ ፍጹም ትክክል ሆኖም ስሙ በአንድ ፊደል ሊያከሽፍዎ ይችላል። ስሙ በስሌቱ ውስጥ ስለሚገባም፣ ፓስወርዱን ሳይነኩ የኔትወርኩን ስም ብቻ መቀየር ቁልፉን ይቀይረዋል።

WPA3 ያለው አዲስ ራውተር ላይስ?

ስሌቱ ሌላ ነው፣ ጥበቃውም የተሻለ ነው። በፊደል ጉዳይ ግን ለውጥ የለም፤ ካፒታል ካፒታል ነው፣ ስሞል ስሞል ነው።

በጣም የሚያሳስቱት የትኞቹ ናቸው?

ይህ የሚወሰነው ፓስወርዱ ታትሞ ነው ወይስ በእጅ ተጽፎ በሚለው ነው፤ ሁለቱን ማደባለቅ ፍለጋውን ያረዝማል።

በታተመ ጽሑፍ ላይ ዋነኞቹ አስቸጋሪዎች ሁለት ቡድኖች ናቸው። አንደኛው ትልቁ `O` እና ዜሮ `0` ናቸው። ሁለተኛው ትንሹ ኤል `l`፣ ትልቁ አይ `I` እና አንድ `1` ናቸው። ኤሪያልን በመሰሉ ጭረት አልባ የፊደል ቅርጾች ትንሹ ኤልና ትልቁ አይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ስለሆኑ፣ አጉልተው ቢያዩትም መለየት አይቻልም። አልፎ አልፎ `|` የሚለው ቀጥ ያለ ምልክትም ይቀላቀላቸዋል። ህትመቱ ከደበዘዘ ወይም ተለጣፊው ከተፋቀ `8` እና `B`፣ `5` እና `S`፣ `2` እና `Z`፣ `6` እና `G` ይጨመራሉ። ተጠግተው የታተሙ `r` እና `n` ደግሞ `m` ይመስላሉ፤ ይህኛው የፓስወርዱን ርዝመት ጭምር ስለሚቀይር ክፉ ነው።

በእጅ ጽሑፍ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ትልቁና ትንሹ አንድ ዓይነት ቅርጽ ያላቸው ፊደላት አሉ፤ `C`፣ `K`፣ `O`፣ `P`፣ `S`፣ `U`፣ `V`፣ `W`፣ `X` እና `Z` በመጠን ብቻ ነው ከትንሾቻቸው የሚለዩት። በወረቀት ላይ አንዱ ፊደል ከሌላው ትንሽ ከፍ ብሎ ቢጻፍ ካፒታል ነው ወይስ የእጅ ጥድፊያ ነው? የጻፈው ሰው ካልነገረ አይታወቅም። ትንሹ `q` እና `g` ከ`9` ጋር፣ `u` ከ`v` ጋር የሚምታቱትም እዚሁ ነው። ዜሮውን ከኦ ለመለየት በመሃሉ ጭረት የሚያሳልፍ ሰው አለ፤ ደግ አስቧል፣ ነገር ግን ልማዱን የማያውቅ አንባቢ `8` ብሎ ሊያነበው ይችላል።

በወረቀት የተጻፈ ፓስወርድ ተሰጠኝ፣ ስንት ዓይነት ሊሆን ይችላል?

ምሳሌ እንውሰድ። ወረቀቱ ላይ `k0Sl7vWp` የሚመስል ነገር አለ እንበል። የመጀመሪያው `k` ወይም `K` ሊሆን ይችላል፤ ሁለት። ሁለተኛው ዜሮ፣ ትልቅ ኦ ወይም ትንሽ ኦ፤ ሦስት። ሦስተኛው `S`፣ `s` ወይም `5`፤ ሦስት። አራተኛው `l`፣ `I` ወይም `1`፤ ሦስት። `7` ግልጽ ነው። `v`፣ `W` እና `p` እያንዳንዳቸው ትልቅም ትንሽም ሊሆኑ ስለሚችሉ ሁለት ሁለት። ሲባዛ፣

```
2 × 3 × 3 × 3 × 1 × 2 × 2 × 2 = 432
```

432 አማራጭ በእጅ አይሞከርም። ያው ፓስወርድ በራውተሩ ተለጣፊ ላይ ታትሞ ቢሆን ግን የፊደላቱ መጠን እኩል መስመር ላይ ስለሚታይ ካፒታልና ስሞሉ ይለያል፤ `S` እና `5` በጠራ ህትመት አይምታቱም። የሚቀረው ዜሮ ወይስ ትልቅ ኦ፣ እንዲሁም ኤል፣ አይ ወይስ አንድ የሚለው ነው፤ ሁለት በሦስት ስድስት። ስድስት ደግሞ ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሙከራ ነው። ስለዚህ በእጅ የተጻፈ ፓስወርድ እንቢ ካለ ወረቀቱ ላይ ከማፍጠጥ ተነስቶ ራውተሩን ገልብጦ ማየት ይሻላል፤ ባለቤቱ ፓስወርዱን ካልቀየረው መፍትሔው እዚያ አለ።

ሲሞክሩ በቅደም ተከተል ይሁን። አንድ ቦታ ብቻ ይቀይሩ፣ የሞከሩትን በወረቀት ላይ ይሰርዙ። ሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ እየቀየሩ የሚሞክሩ ሰዎች ትክክለኛውን ሳይነኩት ዙሪያውን ይዞራሉ። በእያንዳንዱ ሙከራም የዓይን ምልክቷን ተጭነው የጻፉትን በግልጽ ያንብቡ። ይህ የቤትና የካፌ ዋይፋይን ይመለከታል። መሥሪያ ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጠቃሚ ስም ጭምር የሚጠይቅ ዋይፋይ ከሆነ መገመት አይጀምሩ፤ ከጥቂት ስህተት በኋላ አካውንቱ ሊቆለፍ ስለሚችል ኢሜይልዎም አብሮ ይዘጋል።

ተለጣፊው ላይ ያለው ክብ ነገር ዜሮ ይሁን ኦ በምን ላውቅ?

እዚያው ተለጣፊ ላይ ማመሳከሪያ አለልዎት። `MAC` የሚለውን መስመር ይፈልጉ። ማክ አድራሻ የሚጻፈው ከ0 እስከ 9 ባሉ ቁጥሮችና ከ`A` እስከ `F` ባሉ ፊደላት ብቻ ነው። ስለዚህ በማክ መስመር ላይ የሚታይ ክብ ነገር ሁልጊዜ ዜሮ ነው፤ ኦ ሊሆን አይችልም። ቀጥ ያለው ነገርም ሁልጊዜ አንድ ነው። ማክ አድራሻውና ፓስወርዱ ለእያንዳንዱ ራውተር ለብቻው የሚታተሙ በመሆናቸው ብዙ ጊዜ የፊደል ቅርጻቸው አንድ ነው። በስልክዎ ካሜራ አንስተው ያጉሉና የፓስወርዱን ክብ ከማኩ ዜሮ ጋር ጎን ለጎን ያስተያዩ። ዜሮ አብዛኛውን ጊዜ ጠበብና ቀጠን ይላል፣ ኦ ሰፋ ይላል። በፊት ከታተመው የአምራቹ ስም ወይም የሞዴል ጽሑፍ ጋር ግን አያስተያዩ፤ እሱ በሌላ ቅርጽ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ያሳስታል።

ሁለተኛው ብልሃት ፓስወርዱ ከየትኞቹ ፊደላት እንደተሠራ መመልከት ነው። ከ`F` በኋላ ያለ አንድም ፊደል ካልታየበት፣ አምራቹ ቁጥርንና ከ`A` እስከ `F` ያሉትን ብቻ ሳይጠቀም አልቀረም፤ ያኔ ክቡ ሁሉ ዜሮ ነው ብሎ መጀመር ያዋጣል። ሁሉም ቁጥር ሆኖ አንድ ብቻ ፊደል የሚመስል ነገር ካለበት ደግሞ እሱም ቁጥር የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

የትኛውን መስመር እንደሚያነቡም ያረጋግጡ። ተለጣፊው ላይ `SSID` የኔትወርኩ ስም ነው። ፓስወርዱ `WLAN Key`፣ `WPA Key`፣ `Wireless Password` ወይም `Wi-Fi Key` ከሚሉት በአንዱ አጠገብ ይገኛል። `Username` ከሚለው ጋር የተጻፈው ፓስወርድ የራውተሩን ቅንብር ለመክፈት እንጂ ለዋይፋይ አይደለም። `S/N` ደግሞ መለያ ቁጥር ነው። ሲሳሳት የዋለው ሰው ፊደሉን ሳይሆን መስመሩን ስቶ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

በቴሌግራም የላኩልኝን ኮፒ አድርጌ ነው ያስገባሁት። ኮፒ እንዴት ይሳሳታል?

ኮፒው አይሳሳትም፤ ላኪው ሲጽፍ ኪቦርዱ አርሞበት ይሆናል። የዋይፋይ ፓስወርድ የሚጻፍበት ሳጥን ላይ ስልኮች በአብዛኛው የራሳቸውን እርማት አያስገቡም። የመልእክት ሳጥን ላይ ግን የመጀመሪያውን ፊደል ካፒታል ያደርጋሉ። ላኪው `buna4587` ብሎ አስቦ `Buna4587` ይልካል፣ እርስዎም ታማኝ ሆነው የተሳሳተውን ኮፒ ያደርጋሉ። የመጀመሪያው ፊደል ካፒታል ሆኖ የተላከ ፓስወርድ እንቢ ካለ፣ ከሁሉ በፊት ያችን ፊደል ስሞል አድርገው ይሞክሩ።

ሌላው በመጨረሻ የምትገባ ስፔስ ናት። ኪቦርዱ ያቀረበውን ቃል ነክቶ የሚመርጥ ሰው ከቃሉ ኋላ ስፔስ ይከተለዋል። አትታይም፣ ግን ከላይ እንዳልነው እንደ ፊደል ትቆጠራለች። ፓስወርዱን ካስገቡ በኋላ ጠቋሚውን መጨረሻ ላይ አድርገው አንድ ጊዜ ያጥፉ፤ የመጨረሻው ፊደል ሳይሆን ምንም ያልጠፋ ከመሰለ ስፔስ ነበረች ማለት ነው። ዓረፍተ ነገር መዝጊያ ነጥብም አብሮ ይቀዳል። አይፎን ላይ ደግሞ ቀጥ ያለው የጥቅስ ምልክት ወደ ጎበጠው፣ ሁለት ሰረዝ ወደ አንድ ረጅም ሰረዝ ይለወጣል። ጎባጣው ጥቅስና ረጅሙ ሰረዝ ከ32 እስከ 126 ባለው ክልል ውስጥ የሉም።

ላኪ ከሆኑ ፓስወርዱን በቴሌግራም ሲልኩ ከፊትና ከኋላው ይህችን ምልክት ያድርጉ፦

```
`buna4587`
```

እኩል ስፋት ባለው ፊደል ይታያል፣ ተቀባዩም አንዴ ሲነካው ያለ ስፔስና ያለ ነጥብ ይቀዳለታል። ከመላክዎ በፊት ግን የመጀመሪያዋን ፊደል ይመልከቱ፤ ያ ምልክት የኪቦርዱን እርማት አይከለክልም።

በአማርኛ ፊደል ፓስወርድ ማድረግ አይቻልም? የአማርኛ ቃል በእንግሊዝኛ ፊደልስ?

የአማርኛ ፊደላት ቁጥራቸው ከ126 እጅግ ስለሚበልጥ ለWPA2 ፓስወርድ አይሆኑም። ብዙ ራውተሮች አይቀበሉትም፤ የሚቀበል ቢገኝም አንዱ ስልክ ገብቶ ሌላው ሊቀር ይችላል። ሳያውቁት የሚገባው ችግር የሥርዓተ ነጥብ ነው። ኪቦርድዎ አማርኛ ላይ እያለ የመታው `፡` ከእንግሊዝኛው `:` ጋር ለዓይን ይመሳሰላል፤ ለመሣሪያው ግን ሌላ ምልክት ነው። ፓስወርድ ከመጻፍዎ በፊት ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱ።

የአማርኛ ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ይሠራል፣ ግን ቃሉን በቃል ለሚቀበል ሰው ፈተና ነው። «ቡና ነው» ቢሉት `buna` ይጻፍ ወይስ `bunna`? እንጀራ በ`i` ነው ወይስ በ`e`? ቆሎ በ`q` ወይስ በ`k`? ፀሐይን `tsehay`፣ `tsehai` ወይም `tsehaye` ብሎ የሚጽፍ አለ። ከዚያ የመጀመሪያው ፊደል ካፒታል ነው አይደለም የሚለው ይጨመራል። እንዲህ ያለ ፓስወርድ ያለው ቤት በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ቢሰጥ ይሻላል።

በቃል መስጠት ግድ ከሆነ ፊደል በፊደል ይሁን፤ ካፒታልና ስሞሉ ከፊደሉ በፊት ይነገር፤ «ስሞል ኬ፣ ቁጥር ዜሮ፣ ካፒታል ኤስ» እያሉ። «ኦ» ብሎ ዜሮ ማለት ይቅር። `A`፣ `E` እና `I` በስልክ ሲነገሩ «ኤ፣ ኢ፣ አይ» ስለሚምታቱ ለእነሱ የታወቀ ቃል አብሮ መጥራት ይረዳል፤ `E` ሲሉ «የኢትዮጵያው»፣ `A` ሲሉ «የአዲስ አበባው»።

ችግሩ ፓስወርዱ ነው ወይስ ሌላ?

ስልኩ የት ደርሶ እንደቆመ ይመልከቱ። «Obtaining IP address» ላይ ከደረሰ ወይም «Connected, no internet» ካለ ማኅተሙ ገጥሟል፤ ፓስወርዱ ትክክል ነው። ከዚያ በኋላ ፊደል መቀያየር ከንቱ ነው፤ ችግሩ ራውተሩ ወይም መስመሩ ጋር ነው። «Check password and try again» ወይም ዊንዶውስ ላይ «The network security key isn't correct» ካለ ፊደሉን ይመርምሩ። የመገናኛው ቁልፍ ደብዝዞ አልጫን ካለ ደግሞ የጻፉት ከ8 ምልክት አንሷል፤ አንድ ቦታ ዘልለዋል ወይም `rn` የነበረውን `m` ብለው አንብበዋል።

ትናንት ሲሠራ የነበረ ስልክ ዛሬ እንቢ ካለ ፓስወርዱ ተቀይሮ አሮጌውን ይዞ ሊሆን ይችላል። ኔትወርኩን ከስልኩ ያስረሱት፣ እንደ አዲስ ያስገቡ። WPA3 ብቻ እንዲቀበል የተደረገ ራውተርም አሮጌ ስልክን ፓስወርዱ ትክክል ቢሆን ያስቀራል፤ የሚለየው ሌሎች አዳዲስ ስልኮች በዚያው ፓስወርድ ሲገቡ ነው።

ቀድሞ የተገናኘ ሌላ መሣሪያ አለ። ከእሱ ትክክለኛውን ማየት ይቻላል?

ይቻላል፤ ከሁሉም የሚቀለው መንገድ ይህ ነው። አንድሮይድ 10 እና ከዚያ በላይ ባላቸው ስልኮች በዋይፋይ ቅንብሩ ውስጥ የተገናኙበትን ኔትወርክ ከፍተው `Share` ሲሉ ኪውአር ኮድ ይወጣል፤ በብዙ ስልኮች ከሥሩ ፓስወርዱ ተጽፎ ይታያል። አይኦኤስ 16 እና ከዚያ በላይ ባለው አይፎን ከኔትወርኩ ስም አጠገብ ያለችውን የ`i` ምልክት ነክተው `Password` የሚለውን ይጫኑ። ዊንዶውስ ላይ ስሙን በራስዎ ኔትወርክ ተክተው ይህን ይጻፉ፦

```
netsh wlan show profile name="Selam_Cafe" key=clear
```

`Key Content` ከሚለው አጠገብ ያለው ፓስወርዱ ነው። የዚህ መንገድ ተጨማሪ ጥቅም የትእዛዝ መስኮቱ የፊደል ቅርጽ ነው፤ ዜሮን በውስጡ ጭረት ወይም ነጥብ አድርጎ፣ ኤልን ጅራት አውጥቶ፣ አይን ከላይና ከታች አሞሌ ሰጥቶ ያሳያል። ስልክ ላይ የማይለየው እዚህ ይለያል።

ካፒታልና ስሞል የማያስጨንቅበት ጊዜ ጭራሽ የለም?

አንድ አለ። ቁልፉ በቀጥታ በ64 የሄክስ ምልክት ከተሰጠ፣ ማለትም ቁጥርና ከ`A` እስከ `F` ብቻ ሆኖ ልክ 64 ከሆነ፣ ፊደላቱ ቁጥርን ስለሚወክሉ `a` እና `A` እኩል ናቸው። በቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ቁልፍ ብርቅ ነው።

ጀርመን ነው የምኖረው፤ ላፕቶፑ ላይ `y` ያለው ፓስወርድ ሁልጊዜ እንቢ ይለኛል።

በጀርመን ኪቦርድ `Y` እና `Z` ቦታ ተቀያይረዋል። የቁልፎቹ ጽሑፍ የጀርመን ሆኖ የዊንዶውሱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ላይ ከሆነ፣ ወይም በተቃራኒው፣ `y` ሲመቱ `z` ይወጣል፤ ነጥቦች ብቻ ስለሚታዩ አያውቁትም። የዓይን ምልክቷን ይጫኑ። በፈረንሳይ ኪቦርድ ደግሞ `A` ከ`Q`፣ `Z` ከ`W` ጋር ይቀያየራሉ።

ካፒታል ካልቀላቀልኩ ፓስወርዱ ደካማ አይሆንም? እንግዳ የማያስቸግር ግን ጠንካራ ፓስወርድ ምን ይመስላል?

ካፒታል መቀላቀል ይጠቅማል፤ ርዝመት ግን ይበልጣል። በዘፈቀደ የተመረጡ 8 ስሞል ፊደላት ወደ 209 ቢሊዮን የሚጠጋ አማራጭ አላቸው። ካፒታል ሲቀላቀል 256 እጥፍ አድጎ 53 ትሪሊዮን ገደማ ይሆናል። ካፒታሉን ትተው ሁለት ስሞል ፊደል ብቻ ቢጨምሩ፣ 10 ስሞል ፊደላት 141 ትሪሊዮን አማራጭ ይሰጣሉ። ሁለት ፊደል መጨመር ለእንግዳው ቀላል ነው፤ ካፒታል መቀላቀል ግን እስካሁን የዘረዘርነውን ጣጣ ሁሉ ያመጣል።

የእኛ ምክር፦ ከስሞል ፊደላት ውስጥ `g`፣ `i`፣ `l`፣ `o` እና `q`ን ያውጡ፣ ከቀሩት 21 ፊደላት 14 ያህሉን በዘፈቀደ ይምረጡ። `tkumhedavsxpra` ዓይነት ነገር ይወጣል፤ ይህንኑ ግን አይጠቀሙበት። ታትሞ ሲነበብ የሚያሳስት ፊደል የለበትም፣ ለቴሌቪዥን በሪሞት ሲጽፉም የካፒታል ቁልፍ መፈለግ የለም። ሁሉም ቁጥር ማድረግም ይቻላል፣ ከረዘመ። በጀርመን የተለመደው የፍሪትስቦክስ ራውተር ከፋብሪካ ሲመጣ ፓስወርዱ 20 አሃዝ ነው፤ ይረዝማል እንጂ ዜሮው ኦ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስምንት ቁጥር ብቻ ግን 100 ሚሊዮን አማራጭ ስለሆነ ለዛሬ ኮምፒውተር ትንሽ ነው፤ የስልክ ቁጥርም ለፓስወርድ አይሁን።

እንግዳ የሚበዛበት ካፌ ከሆነ ኪውአር ኮድ ያትሙ፤ ማንም ፊደል አይጽፍም። በኮዱ ውስጥ የሚገባው ጽሑፍ እንዲህ ነው፦

```
WIFI:T:WPA;S:Selam_Cafe;P:tkumhedavsxpra;;
```

`S:` የኔትወርኩ ስም ነው፣ `P:` ፓስወርዱ። እዚህም ካፒታልና ስሞሉ እንዳለ መግባት አለበት። ፓስወርዱ ውስጥ `;`፣ `,`፣ `:`፣ `"` ወይም `\` ካለ ከፊቱ `\` ይጨመራል፤ ካልተጨመረ ስልኩ ፓስወርዱን ከመሃል ቆርጦ ያነበዋል። ኮዱን ከማሳተምዎ በፊት ኔትወርኩን ባላወቀ ስልክ ይሞክሩት፤ ቀድሞ የተገናኘ ስልክ በያዘው ፓስወርድ ስለሚገባ የተበላሸ ኮድ ትክክል ሊያስመስል ይችላል።